ዕቃው ሲዘገይ ለትልቅ ደንበኛ እንዴት ይነገራል? መንገድ ላይ ያለ ጄኔሬተር እንደ ምሳሌ

ምሳሌ እንያዝ። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ለአንድ የግል ሆስፒታል 200 ኬቪኤ ጄኔሬተር በ6 ሚሊዮን ብር ሊያቀርብ ተዋውሏል። ርክክቡ ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዕቃው ከቱርክ፣ ከመርሲን ወደብ ተነሥቶ ጅዳ ላይ ወደ ሌላ መርከብ ይዛወራል፤ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ አዲስ አበባ። ሰኞ ኅዳር 22 ጠዋት ከመርከብ ወኪሉ መልእክት ይመጣል፦ ኮንቴይነሩ ጅዳ ላይ የሚቀጥለው መርከብ አምልጦታል፣ ጅቡቲ የሚገባው ታኅሣሥ 6 ነው።

ሆስፒታሉ የዓመቱ ትልቁ ደንበኛ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቢሮ ውስጥ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ምናልባት ይደርሳል» ተብሎ ዝም ይባላል፣ ወይ ደግሞ ይቅርታ በይቅርታ የሆነ፣ ቀን የሌለው ደብዳቤ ይላካል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሁለቱንም ለማስቀረት ነው።

ከስልኩ በፊት፦ የሆነውን በቀን አስቀምጡ

ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ምን መቼ እንደሆነ ጻፉ። የታሰበው ቀን በግራ፣ የሆነው ቀን በቀኝ፣ ምክንያቱ ከሥር። በምሳሌያችን ወረቀቱ እንዲህ ይላል። ጥቅምት 10 ላይ የቱርኩ አቅራቢ፣ ባንካችን ለክፍያው በከፈተው የዋስትና ሰነድ፣ በኤልሲው ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር እሱ ከሰጠን የዋጋ ማቅረቢያ፣ ከፕሮፎርማው ጋር እንደማይገጥም አሳወቀ። የማሻሻያ ጥያቄው ከእኛ ቢሮ ለባንኩ የገባው ጥቅምት 18 ነው። አቅራቢው ማሻሻያው ሳይደርሰው አልጫነም፤ የጥቅምት 24 መርከብ አለፈ። ዕቃው የተነሣው በኅዳር 4 መርከብ ነው፤ 10 ቀን ጠፋ። ከዚያ ጅዳ ላይ 7 ቀን ተጨመረ። ጅቡቲ ኅዳር 19 ይገባ የነበረው ታኅሣሥ 6 ሆነ።

ይህ ወረቀት ከተጻፈ በኋላ ነው እውነቱ የሚታየው። የዛሬው መልእክት የሚናገረው ስለ ጅዳው 7 ቀን ብቻ ነው። ትልቁ ቁራጭ ግን የእኛው 10 ቀን ነው፤ እሱንም ከጥቅምት 24 ጀምሮ እናውቀዋለን። ለሆስፒታሉ ያልነገርነው ለምን ነበር? ሁሉም ነገር በፍጥነት ከሄደ በታኅሣሥ 13 ሊደርስ ይችል ስለነበር ነው። ተስፋው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ግን ደንበኛው ሳያውቅ በእሱ ቀን ላይ የተደረገ ውርርድ ነው። «ምን ሆነ» ከሚለው ጋር «መቼ አወቅን» የሚለውንም ጻፉ፤ ደንበኛው ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ እሱ ነውና።

ቀኖቹን ስትጽፉ አንድ ወጥመድ አለ። የመርከብ ሰነድ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቁጥሩም አንዳንዴ ወር ቀድሞ፣ አንዳንዴ ቀን ቀድሞ ይጻፋል። 05/12 ዲሴምበር 5 ነው ወይስ ሜይ 12? እንዲህ ያለውን ወኪሉን ጠይቃችሁ የወሩን ስም በፊደል አስጽፉ። ለደንበኛው ሁለቱንም አቆጣጠር ስጡት፦ ታኅሣሥ 6 ማለት ዲሴምበር 15፣ ጥር 4 ማለት ጃንዋሪ 12። የሆስፒታሉ ፋይናንስ ክፍል በአንዱ፣ ቴክኒክ ክፍሉ በሌላው ሲቆጥር በመጀመሪያው መዘግየት ላይ ሁለተኛ የውሸት መዘግየት ይወለዳል።

አዲሱን ቀን አስሉ እንጂ አትገምቱ

ደንበኛው ከምክንያቱ ይልቅ የሚፈልገው ቀኑን ነው፤ ቀኑም የሚታመነው ሲፈታ ክፍሎቹ የሚታዩ ከሆነ ነው። መንገዱን ቆራርጡና ለእያንዳንዱ ቁራጭ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ቀን ካለፉት አምስት ጭነቶቻችሁ ፋይል አውጡ። ከሌላ አስመጪ ወይም ከወኪል አፍ የሰማችሁትን አትጠቀሙ፤ የዕቃው ዓይነትና የሰነዱ አያያዝ ስለሚለያይ ቁጥሩም ይለያያል። የምሳሌያችን አስመጪ ፋይል ይህን ይሰጣል፦ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተራግፎ መኪና እስኪያገኝ ከ5 እስከ 10 ቀን፣ ከጅቡቲ ሞጆ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ሞጆ ላይ ዲክላራሲዮን፣ ቀረጥ፣ ፍተሻና መልቀቂያ ከ4 እስከ 8 ቀን፣ ከሞጆ አዲስ አበባ መጥቶ በክሬን ቦታው ላይ ለመቀመጥ 2 ቀን። ሲደመር ፈጣኑ 14፣ ዘገምተኛው 25 ቀን ነው።

ከታኅሣሥ 6 ጀምሮ ስንቆጥር ፈጣኑ ታኅሣሥ 20፣ ዘገምተኛው ጥር 1 ይውላል። መካከል ላይ ታኅሣሥ 29 ገና አለ፤ አንድ ቀን ጨምሩ፣ ጥር 2። እሱ ቅዳሜ ነው፤ የሆስፒታሉ ቴክኒሻኖች ተረክበው የሚፈርሙት ሰኞ ጥር 4 ነው። ስለዚህ የምንናገረው ቀን ጥር 4 ነው፤ 19 ቀን ይዘገያል። ከ19ኙ 10 የእኛ፣ 7 የመርከቡ፣ 2 የበዓሉና የሳምንቱ መጨረሻ።

«ከታኅሣሥ 20 እስከ ጥር 4 ባለው ጊዜ» ብሎ መናገርስ? አይመከርም። ሰው ሁለት ቀን ከሰማ የሚይዘው የፊተኛውን ነው። ታኅሣሥ 21 ላይ ስልክ ይደወላል፤ ያልዘገየ ዕቃ ለሁለተኛ ጊዜ እንደዘገየ ይቆጠራል። የኋለኛውን ተናገሩ፤ ቀድሞ ከመጣ ቀድሞ ይመጣል።

እዚህ ላይ «ጅቡቲ ደርሷል» እና «ሞጆ ገብቷል» የሚሉትን አባባሎች ተጠንቀቁ። ለእናንተ የጉዞው አንድ ምዕራፍ ናቸው። ሆስፒታሉ ውስጥ ላለ ሰው ግን ሞጆ ማለት ከአዲስ አበባ በመኪና ከሁለት ሰዓት ያልበለጠ መንገድ ነው፤ ዕቃው ነገ የሚመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ቦታ በጠራችሁ ቁጥር ከዚያ በኋላ የቀረውን ቀንም አብራችሁ ጥሩ፦ «ሞጆ ገብቷል፤ ለጉምሩክና ለማጓጓዝ እስከ 10 ቀን ይቀረዋል።»

በዚያው ቀን ደውሉ

መልእክቱ ጠዋት ከመጣ ከሰዓት በፊት ወረቀቱን ጨርሱ፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ደውሉ። የሚደውለው ውሉን የፈረመው ሰው ወይም ሥራ አስኪያጁ ይሁን። ሽያጭ ሠራተኛ ካስደወላችሁ ስለ መዘግየት ቅጣትና ስለ ጊዜያዊ ጄኔሬተር ኪራይ ሲጠየቅ «ኃላፊዬን ልጠይቅ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለዚህ አይሆንም፤ ጽሑፍም ቢሆን ከስልኩ በኋላ እንጂ በፊት አይላክም።

ሰላምታው ይኑር፤ ግን ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ አምስት ደቂቃ ከተጠየቀ በኋላ «እንዲያው አንድ ትንሽ ነገር…» ብሎ መጀመር ደንበኛው እንደተታለለ እንዲሰማው ያደርጋል። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ቀኑን ይዞ ይምጣ፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የደወልኩት ስለ ጄኔሬተሩ ነው። ታኅሣሥ 15 አይደርስም። የምናስረክብዎት ጥር 4፣ ሰኞ ነው፤ 19 ቀን ይዘገያል። አሥሩ ቀን በእኛ ጥፋት የመጣ ነው፤ የኤልሲ ማሻሻያውን ለባንክ ያስገባነው 8 ቀን አዘግይተን ስለነበር መርከብ አመለጠን። ሰባቱ ጅዳ ላይ መርከብ ሲቀየር የጠፋ ነው። የቀረው የገና በዓልና የሳምንቱ መጨረሻ ነው። የእኛን አሥር ቀን በጥቅምት መጨረሻ አውቀነው ነበር፤ በመንገድ እናካክሳለን ብለን አልነገርንዎትም። ያኔ መንገር ነበረብን፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከዚህ በኋላ ዝም በሉ። ሰውየው ይቆጣል፣ ወይ ይተነፍሳል፣ ወይ ያሰላል። ዝምታውን በተጨማሪ ይቅርታ መሙላት ትልቁ ስህተት ነው። ምክንያቱም የእኛ ሰው ሌላው ደጋግሞ ይቅርታ ሲለው ጨዋነት ያስገድደውና «ኧረ ምንም አይደል» ይላል። ንግግሩ እዚያ ላይ ይዘጋል። እናንተ አዲሱን ቀን የተቀበለ መስሏችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ግን የተቀበለው ይቅርታውን ብቻ ነው። ስለ ቅጣቱም፣ ጄኔሬተሩ ሥራ መጀመር ስላለበት ቀንም አልተነጋገራችሁም። ከሳምንት በኋላ ከቦርዱ ወይም ከሐኪሞቹ ጥያቄ ሲመጣበት ቁጣው በእጥፍ ይመለሳል።

ይቅርታው አንድ ጊዜ፣ በስሙ ለተጠራ ጥፋት ይሁን። ከላይ ባለው ንግግር ይቅርታ የተጠየቀው ባለመንገራችን ነው። ለጅዳው መርከብ ይቅርታ አልተጠየቀም፤ የእኛ ጥፋት አይደለምና። ለሁሉም ነገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የቱ የእሱ፣ የቱ የሌላ እንደሆነ ያደበላልቃል፤ አድማጩም ሁሉንም በእሱ ላይ ይጽፋል፣ ወይም አንዱንም አያምንም።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ጄኔሬተሩ ሥራ መጀመር ያለበት በየትኛው ቀን ነው?» በውሉ ላይ ያለው ቀንና ደንበኛው በእርግጥ የሚጎዳበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ሆስፒታሉ «አዲሱን የቀዶ ጥገና ክፍል ጥር 6 እንከፍታለን» ካለ ጥር 4 ላይ መረከብ በቂ አይደለም። ገመድ መገናኘት፣ መብራት ሲጠፋ ኃይሉን በራሱ ወደ ጄኔሬተሩ የሚያዞረው ኤቲኤስ መገጠም፣ የጭስ ማውጫ መውጣት፣ ጭነት ተሰጥቶት መሞከር አለበት፤ ይህ ቢያንስ 3 ቀን ይወስዳል። ጥያቄውን ሳትጠይቁ የምታቀርቡት መፍትሔ ሌላ ሰው ላይ ያለን ቁስል እንደማሰር ነው።

በእጃችሁ ያለውን ብቻ አቅርቡ

ከመደወላችሁ በፊት ከፋይናንስ ጋር ሁለት ነገር ወስኑ፦ ቅጣቱን እና ጊዜያዊ መፍትሔውን። በምሳሌያችን ውሉ ለዘገየ ቀን ሁሉ ከዋጋው 0.1 በመቶ ይላል። ይህ በቀን 6,000 ብር፣ በ19 ቀን 114,000 ብር ነው። ቁጥሩን እናንተው ቀድማችሁ ጥሩት፦ «በውላችን መሠረት 114,000 ብር ከመጨረሻው ክፍያ ይቀነሳል።» ደንበኛው ውሉን ገልጦ እስኪያገኘው መጠበቅ ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር ያሳጣል። ይቀነስልን ብላችሁ መደራደር ከፈለጋችሁም፣ የ7ቱን ቀን ጉዳይ ለብቻ በሌላ ጊዜ አንሡ እንጂ ከዜናው ጋር አትቀላቅሉ።

ጊዜያዊ መፍትሔው ተከራይቶ የሚቀርብ 200 ኬቪኤ ጄኔሬተር ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩን እኛ፣ ነዳጁን ሆስፒታሉ። ከአከራዩ ጋር ሳትነጋገሩ ግን «እናመጣለን» አትበሉ። ካልተረጋገጠ «ዛሬ ሁለት አከራዮች ጠይቀናል፤ መልሱን ነገ እስከ 6 ሰዓት እነግርዎታለሁ» በሉ፤ ነገም በ6 ሰዓት ደውሉ።

ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ቀን የሚያተርፍ ነገርም ፈልጉ። የጄኔሬተሩ ኮንክሪት መሠረት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ነው። ሥዕሉ በዚህ ሳምንት ተልኮ እስከ ኅዳር 30 ከተሞላ ታኅሣሥ 28 ላይ ዝግጁ ይሆናል። ኤቲኤሱና ገመዱ አገር ውስጥ ካለ አሁን ይገጠም። እነዚህ ጥር 4 ከደረሰ በኋላ ይሠሩ ከነበሩት ሥራዎች አብዛኛውን ቀድመው ይጨርሳሉ። የኋለኛው 3 ቀን ወደ 1 ቀን ይወርዳል፤ ጥር 6ም ይደረስበታል።

ደብዳቤው

በማግስቱ በደብዳቤ ራስጌ ላይ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተም ተደርጎበት ይሂድ፤ ስካኑን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል አስቀድሙ። ሆስፒታሉ ፋይሉ ውስጥ የሚያስቀምጠው ወረቀት ያስፈልገዋል፤ እናንተም በስልክ የተባለው ምን እንደነበር ማሳያ ያስፈልጋችኋል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦

> ጉዳዩ፦ የ200 ኬቪኤ ጄኔሬተር ርክክብ በ19 ቀን እንደሚዘገይ ስለማሳወቅ
>
> ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልክ እንደገለጽነው፣ ታኅሣሥ 15 ልናስረክብ የተዋዋልነውን ጄኔሬተር የምናስረክበው ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 12) ነው።
>
> የመዘግየቱ ምክንያት ይህ ነው። የኤልሲ ማሻሻያ ጥያቄውን ለባንክ ያስገባነው 8 ቀን አዘግይተን በመሆኑ የጥቅምት 24 መርከብ አምልጦን በኅዳር 4 መርከብ ተጭኗል (10 ቀን)። ጅዳ ላይ የሚቀጥለውን መርከብ ባለማግኘቱ ጅቡቲ የሚገባው ታኅሣሥ 6 ነው (7 ቀን)። የገና በዓልና የሳምንቱ መጨረሻ 2 ቀን ይጨምራሉ። የመጀመሪያውን መዘግየት ጥቅምት 24 አውቀን ሳለ ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።
>
> በውሉ መሠረት 114,000 ብር ከመጨረሻው ክፍያ ይቀነሳል። ከታኅሣሥ 15 እስከ ርክክቡ ቀን ተመጣጣኝ ጄኔሬተር በእኛ ኪራይ እናቀርባለን፤ ነዳጁ በሆስፒታሉ ይሸፈናል። የመሠረቱ ሥዕል አብሮ ተልኳል፤ እስከ ኅዳር 30 እንዲሞላ እንጠይቃለን።
>
> ዕቃው ያለበትን ዘወትር ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እናሳውቃለን። በአዲሱ ቀንና በኪራዩ መስማማትዎን በጽሑፍ እንዲገልጹልን እንጠይቃለን።

የኪራዩ ዐረፍተ ነገር የሚገባው አከራዩ ከተስማማ ብቻ ነው።

ግሡን ልብ በሉት። «ማሻሻያው ሳይገባ በመቆየቱ» ቢባል ኖሮ ማን እንዳቆየው አይታወቅም። የቢሮ አማርኛ በዚህ ዓይነት ባለቤት አልባ ግሥ የተሞላ ነው፦ ዘግይቷል፣ ተስተጓጉሏል፣ ሳይፈጸም ቀርቷል። እናንተ ያደረጋችሁትን በ«እኛ» ጻፉት፦ አዘገየን፣ አላሳወቅንም። ሌላው ያደረገውን በስሙ ጥሩት። «ሰሞኑን»፣ «በቅርቡ»፣ «በሂደት ላይ ነው» የሚሉትም ይውጡ፤ በየቦታቸው ቀን ይግባ።

ሁለት ሰበቦች ደግሞ በጣም ይፈትናሉ። አንደኛው ቀይ ባሕር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ የመርከብ ድርጅቶች በየመን ሁቲዎች ጥቃት ምክንያት መንገዳቸውን በደቡብ አፍሪካ በኩል ማዞራቸውን ደንበኛው በዜና ሰምቷል፤ ቢነገረው ያምናል። የእናንተ ዕቃ በዚያ ምክንያት ካልዘገየ ግን አትጻፉት፤ የመርከብ ጉዞ በኮንቴይነር ቁጥር የሚታይ ነገር ነው። «ጉምሩክ ይዞት ነው» የሚለውም እንዲሁ። ሁለተኛው «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ማሳመሪያ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ትርጉም የሰጠው ነው፦ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ ግዴታን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር። ደብዳቤ ላይ ስታሰፍሩት ቅጣት አልከፍልም እያላችሁ ነው፤ የደንበኛው የሕግ ክፍልም የሚያነብባችሁ እንዲሁ ነው። መርከብ ማምለጥ በዚህ ትርጉም መግባቱ በጣም አጠራጣሪ ነው፤ ጠበቃ ሳታማክሩ አትጻፉት።

አብሮ የሚላከው የመርከብ ወኪሉ መልእክትና የመርከብ ጭነት ሰነዱ፣ የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቅጂ ነው፤ ደንበኛው ራሱ እንዲከታተል። ኮሜርሻል ኢንቮይሱን አትላኩ፤ የገዛችሁበት ዋጋ አለበት፤ ለመዘግየቱም ማስረጃ አይሆንም።

ብዙዎች የሚረሱት የባንክ ዋስትናውን ነው። የቅድመ ክፍያ ዋስትናው ወይም የውል ማስከበሪያው ታኅሣሥ 30 የሚያበቃ ከሆነ፣ አዲሱ ርክክብ ከዚያ በኋላ ይውላል። የሆስፒታሉ ፋይናንስ ኃላፊ ዋስትናው ከማለፉ በፊት ገንዘቡን ለመጠየቅ ቢነሣ አይፈረድበትም። ማራዘሚያውን ከባንካችሁ በዚያው ሳምንት አስወጡና ለእሱ ላኩ።

ከዚያ በኋላ፦ ሰኞ ሰኞ

ምንም አዲስ ነገር ባይኖርም ሰኞ 4 ሰዓት ሦስት መስመር ላኩ፦ ዕቃው የት ነው፣ ቀጥሎ ምን ይጠበቃል፣ ጥር 4 ጸንቷል ወይስ አልጸናም። በጓዳችሁ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ቀኖች ይኑሩ፤ ከዘገምተኛው ስሌት በቀጥታ ይወጣሉ። ታኅሣሥ 16 ላይ ከጅቡቲ ካልወጣ፣ ታኅሣሥ 21 ሞጆ ካልገባ፣ ታኅሣሥ 30 ከጉምሩክ ካልተለቀቀ፣ ጥር 4 አደጋ ላይ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲያልፍ ሰኞን ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ደውሉ። ጥቅምት ላይ የተሠራው ስህተት የሚታረመው እዚህ ነው፤ «በሚቀጥለው ቁራጭ እናካክሰዋለን» የሚለው ሐሳብ እንደገና ይመጣልና።

ዲክላራሲዮኑ ቀይ ከወጣ፣ ማለትም ጉምሩክ ለአካላዊ ፍተሻ ከመረጠው፣ ዕቃው ተከፍቶ ይፈተሻል። በዘገምተኛው 8 ቀን ውስጥ ታስቦ እንደሆነ ከፋይላችሁ አረጋግጡ፤ ካልታሰበ ቀይ መውጣቱን በሰማችሁበት ሰዓት ለሆስፒታሉ ንገሩት።

ለሁለተኛ ጊዜ ከዘገየ ስልኩ አጭር ይሁን፤ ይቅርታውም አይርዘም። የተሳሳተው የስሌቱ ቁራጭ የትኛው እንደሆነ ንገሩት፦ «ከጅቡቲ ለመውጣት 10 ቀን ያልነው 14 ሆነ፤ ሌሎቹ አልተለወጡም፤ አዲሱ ቀን ጥር 8 ነው።» ኪራዩ እስከዚያ መራዘሙንና ቅጣቱ በ24,000 ብር ወደ 138,000 ከፍ ማለቱን በዚያው ንግግር አክሉበት።